ከሁለት መቶ ጋቢ በታች

ሃፍሳ ሪያድ፣ ባጥሐ ሰፈር ውስጥ፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ባለ አሮጌ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ዓባያ የምታሳጥርበትና የምታጠብብበት ጠባብ ሱቅ አላት። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ንግዱ ግን በስሟ ነው። ሳዑዲያዊ ባሏ ከመሞቱ በፊት ዜግነት አግኝታ ስለነበር ከፊል የሚሉት የአገሬው ዋስ አያስፈልጋትም፤ የንግድ ፈቃዱን፣ ሲጂል የሚሉትን፣ ራሷ አውጥታ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ዘንድሮ ግን የሚሰፋ እየጠፋ ነው። ሰው የተሰፋ ዓባያ በስልኩ ያዛል፤ ልኩ ካልሆነለት ይመልሰዋል።

ጋቢዋን ያየው አንድ ሰውዬ ነበር። ባለፈው ጥር የሱፍ ካባው ገበር ተተርትሮበት ሊያሰፋ መጥቶ፣ እሷ ጉልበቷ ላይ ጣል ያደረገችውን ጋቢ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አሸው። የብርዱ ወራት ሲገባ ከወንድሞቹ ጋር በረሃ ወጥተው እሳት አንድደው ያመሻሉ፤ ብርዱ ከአሸዋው ነው የሚነሳው አላት። ሸጠችለት። ከሳምንት በኋላ ወንድሙ ደወለ፣ ቀጥሎ የወንድሙ ጓደኛ። ሁሉም ያንኑ ፈለጉ። ሃፍሳ ሌላ አልነበራትም።

የሙቀቱን ወራት ሙሉ ስታስብበት ከረመች። መስከረም ላይ ሐሳቧን ለእዮብ ነገረችው።

እዮብ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ከከተማው ዳር፣ ሱለይ ሰፈር ውስጥ የአንድ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል፤ የገባና የወጣ ዕቃ መዝግቦ፣ ለውጭ ላኪዎች እንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፋል። አርብ አርብ አውቶቡስ ይዞ ባጥሐ ይመጣል። የሚገዛው ነገር ኖሮት አይደለም። ሃፍሳ ሱቅ፣ ማሽኑ ጎን ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጥና አማርኛ ያወራል። ብዙ ጊዜ አያወራም፤ ሲወራ ይሰማል።

"እዮቤ፣ ከአዲስ አበባ ጋቢ ላስመጣ ነው" አለችው። "በሻንጣ አይደለም። በሲጂሌ። በደንቡ።"

"ማንን ያውቃሉ እዚያ?"

"ማንንም።"

"እንግዲያው ለማያውቁት ሰው መጻፍ ነው" አለ እዮብ፤ ይህ ለእሱ የየቀን ሥራው ነበር። ስልኩን አወጣ። የሽመና ውጤት ወደ ውጭ እንልካለን የሚሉ ሦስት ድርጅቶች አገኘ። "ምን እንበላቸው?"

"መጀመሪያ ሰላም በላቸው። እንዴት ከርማችኋል፣ ክረምቱ እንዴት ነበር፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ በል። ከዚያ ከኬሚሴ መሆኔን ንገራቸው። ከዚያ..."

"እትዬ፣ ኢሜይል እኮ ነው።"

"ኢሜይል ቢሆንስ? የሚያነበው ሰው አይደለም?"

"ሰው ነው። ግን በቀን ሃምሳ ያነባል። ሦስተኛው መስመር ላይ ምን እንደምንፈልግ ካላወቀ ይዘጋዋል።" ጥቂት አሰበና ጨመረ፤ "ከኬሚሴ ነኝ ካሉ ደግሞ ሁለት ጋቢ ለዘመድ የሚገዙ ይመስላቸዋል። የሪያድ ነጋዴ ከሆኑ ይመልሳሉ።"

ሃፍሳ ልትከራከር ፈልጋ ተወችው። ልጁ ሥራውን ያውቃል። እሱ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ እየጻፈም በአማርኛ አነበበላት። በሪያድ የተመዘገበ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ነን። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጋቢ ማስመጣት እንፈልጋለን፤ አራት ድርብ፣ ማጉ የእጅ ፈትል፣ ነጭ፣ ጥለቱ ቀጭን። የአንዱን ዋጋ በዶላር ብትነግሩን፤ ብዛቱ ሲጨምር ዋጋው እንዴት እንደሚቀንስ፤ ትንሹ የትእዛዝ መጠን ስንት እንደሆነ፤ ሠርቶ ለማድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፤ አከፋፈሉ እንዴት እንደሆነ። ከታች የድርጅቱን ስምና የሲጂሉን ቁጥር አስገባ።

"የኔ ስም የታለ?"

"የድርጅቱ ስም ይበቃል።"

አንዱ አድራሻ ስለማይሠራ ኢሜይሉ ወዲያው ተመለሰ። ሁለተኛው ዝም አለ። ሦስተኛው በሚቀጥለው ሳምንት መለሰ፤ እዮብ የሚቀጥለውን አርብ መጠበቅ አቅቶት ከመጋዘኑ ደወለላት።

"'ክቡር ጌታዬ' ነው የሚለው" አላት።

"ጌታዬ አደረጉኝ?"

"ልማድ ነው እትዬ። ዋጋው ሃያ አራት ዶላር፣ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ድረስ። የአውሮፕላኑ ጭነት በእኛ። ትንሹ ትእዛዝ ሁለት መቶ ነው። ግማሹን ቅድሚያ ከላክን በኋላ እስከ ስልሳ ቀን። ናሙና ከፈለግን በክፍያ። ሳምራዊት የምትባል ናት የጻፈችው፣ የሽያጭ ክፍል።"

ሃፍሳ መቀሱን አስቀመጠች። ሁለት መቶ ለእሷ ሱቅ ተራራ ነው። ስልሳ ወይም ሰባ ብታገኝ ግን ለእነዚያ ወንድማማቾችና ለጓደኞቻቸው፣ ለሱለይማኒያ ሰፈር ሾፌሮችና ዘበኞች ትሸጣለች፤ ኪራዩንም ትከፍላለች። ኪራዩን ካልከፈለች ሱቁ ይሄዳል። ሱቁ ከሄደ ደማም ነው። ልጇ ፈይሰል ደማም ከተማ ውስጥ ቤት ሠርቶ ከኋላ በኩል አንድ ክፍል አዘጋጅቶላታል፤ ጥሩ ክፍል ነው፣ መስኮት አለው። ፈይሰል አማርኛ ይሰማል፣ አይናገርም። ሚስቱና ልጆቹ አይሰሙም።

"ሁለት መቶ አንችልም ብዬ ልጻፍ?" አለ እዮብ።

"አትጻፍ።"

"እ?"

"ዝም በል። ዋጋ ተጠርቷል። አሁን ገዢ ጥሎ ይሄዳል፣ ሻጭ ይጠራዋል። አንተ ገበያ አታውቅም?"

እዮብ ገበያ ያውቃል። እናቱ ማር ስትሸጥ ያደገው ከጎኗ ቆሞ ነው። ገዢ ጀርባውን ሰጥቶ እስኪርቅ የምትታገሠውን፣ ከዚያ "ና እስቲ፣ ስንት አለህ?" የምትለውን ድምፅ ዛሬም ይሰማዋል። በመጋዘኑ ሥራ ግን ላኪ የሰጠው ዋጋ ቀን እንዳለው ያውቃል፤ የሳምራዊት ኢሜይል ግርጌም ዋጋው የሚጸናው ለአሥራ አምስት ቀን ነው ይላል። ይህንን ነገራት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"ይኼ ለፈረንጅ ነው" አለች ሃፍሳ። "ሐበሻ ናት አላልክም? ትጠራናለች።"

እሱም እውነት መሰለው።

በሚቀጥለው አርብ ዱካዋ ላይ ሳይቀመጥ ጠየቀችው፤ "ጠራችን?"

"አልጠራችንም።"

"አሁን ልባችንን እያየች ነው።"

በቀጣዩ ስትጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ ሲገባ ፊቱን ታያለች፣ ፊቱን አይታ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። ማሽኑ ላይ የሚሰፋ ባይኖርም እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ዙህር ሶላት አንድ ሰው ደረጃውን አይወጣም። ጎረቤቷ ሽቶ ሻጭ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ከድሮም ዝግ ነው። ኮሪደሩ ላይ የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲንጠባጠብ ነው። አንዴ እናናዬ የምትባል፣ ሱለይማኒያ ሰው ቤት የምትሠራ የጎጃም ልጅ የሻንጣ ዚፕ ልታስጠግን መጣች። ዚፑ ካለቀ በኋላም ሃፍሳ ቀስ ብላ ክሩን ቆረጠች፣ ቀስ ብላ ዘይት ቀባችው፣ መልሳ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ልጅቷ ሳይገባት አልቀረም፣ አሠሪዋ በስልክ እስኪጠራት ተቀመጠች።

አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። እዮብ አለፈ አላላትም፤ እሷም ታውቅ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ሀቢብ ደረጃውን እየቆጠረ ወጣ። ሀቢብ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ነው፤ የመናዊ፣ ወፍራም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው።

"ኡም ፈይሰል" አለ በልጇ ስም ጠርቷት፣ በሩን ተደግፎ እየተነፈሰ፤ "ባለቤቱ ይጠይቅሻል። የፈረንጆቹ ዓመት ሲገባ ውሉን ታድሻለሽ ወይስ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ?"

"ለምን በስልክ አልጠየቅከኝም፣ በዚህ ጉልበትህ?"

"በስልክ ብጠይቅሽ ኢንሻአላህ ትይኛለሽ። ፊት ለፊት ኢንሻአላህ ማለት ይከብዳል።"

"ኢንሻአላህ" አለችው። ሀቢብ ሳቀ፣ ግን አልሄደም፤ ትክክለኛውን መልስ እስኪያገኝ ቆመ። እስከ ወሩ መጨረሻ እነግርሃለሁ አለችው።

በዚያው ሳምንት የሰሜን ንፋስ መጣ። ካባ ያሰፋው ሰውዬ መልእክት ላከላት፤ ያ ነጩ ልብስ ደረሰ ወይ፣ ከወንድሞቼ ጋር ልንወጣ ነው። ሃፍሳ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እዮብን አልጠበቀችም። እሱ አስቀድሞ ስልኳ ላይ በከፈተላት የድርጅቱ ኢሜይል፣ ኬሚሴ እስከ ሰባተኛ ክፍል በተማረችው አማርኛ፣ በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ፊደሎቹ የት እንዳሉ ለማግኘት ጊዜ ፈጀባት።

"ለእህቴ ሳምራዊት። እንደምን ከርመሻል። አገሩ እንዴት ነው። እኔ ሃፍሳ እባላለሁ፤ በመስከረም የጋቢ ዋጋ የጠየቅኩሽ ሪያድ ያለሁት ባለሱቅ ነኝ። ጌታዬ ያልሽኝ። ወንድ አይደለሁም፣ ድርጅቱም እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ አራት ስትይኝ ዝም ያልኩት ትጠሪኛለሽ ብዬ ነው። እኛ አገር ገበያ ሰው ሲሄድ ይጠራል። ሄጄ ሄጄ ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። አሁን ራሴ ተመለስኩ። ሁለት መቶ አልችልም። ስልሳ እችላለሁ። ብርዱ ገብቷል። ከቻልሽ ንገሪኝ፣ ካልቻልሽም ንገሪኝ።"

መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ በአማርኛ ነበር። እዮብ አርብ ሲመጣ አስቀምጣ አነበበችለት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ አንባቢ፣ እሱ ሰሚ ሆነ።

"እትዬ ሃፍሳ፣ ስለ 'ጌታዬ' ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሳዑዲ አድራሻ ሳይ እጄ ለምዶ ነው። እኔ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ እናቴ ሱቅ ነው፤ ገዢ መጥራት ሥራዬ ነበር፣ እስከ ታክሲው ድረስ እከተል ነበር። እዚህ ቢሮ ግን ዋጋ የተሰጠው ደንበኛ በቀኑ ካልመለሰ ሥራው ይዘጋል፤ ከሁለት መቶ በታች ያለውንም አትከታተሉ ተብለናል። የእርስዎን ሳልዘጋው ሁለት ቀን አሳድሬዋለሁ። ልጽፍልዎ ፈልጌ፣ ትልቅ ነጋዴ ነው፣ ሌላ ጋ ገዝቶ ይሆናል ብዬ አፈርኩ።"

ሃፍሳ ንባቧን ቆም አድርጋ እዮብን አየችው። "ሰማህ? እዚያም አንድ እዮብ አለች።"

እዮብ ጫማውን ተመለከተ።

ቀሪው የሥራ ነገር ነበር። በመስከረም ታዞ ቢሆን ኖሮ ጋቢው አሁን እየተጫነ ነበር። አሁን ግን ሸማኔዎቹ እስከ ጥምቀት ድረስ በበዓል ልብስ ሥራ ተይዘዋል። ከዚያ በኋላ ለሌላ አገር ደንበኛ ብዙ ጋቢ ይሠራሉ፤ ጥለቱ ከዚያኛው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ድሩ አብሮ ስለሚዘረጋ፣ የሃፍሳን ስልሳ ከዚያ ጋር ማስገባት ይቻላል፤ አለቃዋን ጠይቃ አስፈቅዳለች። ዋጋው ሃያ ስድስት። ግማሹ ቅድሚያ በባንክ። መድረሻው የካቲት መጨረሻ፣ ቢዘገይ መጋቢት።

ሃፍሳ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከታች መንገዱ ላይ የአውቶቡስ ረዳት ሰው ይጠራል።

"መጋቢት" አለች ሃፍሳ።

"መጋቢት ላይ ማቀዝቀዣ ነው የሚከፈተው።"

"አውቃለሁ፣ ወንድሜ።"

"ማንም በረሃ አይወጣም። እስከሚቀጥለው ኅዳር ስልሳ ጋቢ ታቅፈው ነው የሚቀመጡት። ኪራይ እየከፈሉ።"

"አንተ ብትሆን?"

እዮብ ሱቁ ቢዘጋ አርብ የት እንደሚሄድ አስቦ ያውቃል። ሱለይ ያለው የጋራ መኖሪያ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው አለ፤ አንዱም ቋንቋውን አይናገርም። ይግዙ ቢላት ትገዛለች። ይህንንም ያውቅ ነበር።

"አልገዛም ነበር" አለ። "ደማም ብሄድ ይሻለኝ ነበር። ልጅዎ ነው።"

"እውነትህን ነው?"

"በሒሳቡ እውነቴን ነው።"

ሃፍሳ አንገቷን ነቀነቀች። መነጽሯን አወለቀች፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። "እግዜር ይስጥህ። ስትዋሸኝ አላየሁም።" ከዚያ ስልኩን ሰጠችው። "ያላ፣ ጻፍ። በአንተ እንግሊዝኛ፣ ባንኩ እንደሚፈልገው። ስልሳ።"

"እትዬ..."

"ደማም ያለው ክፍል ጥሩ ነው እዮቤ። አይቼዋለሁ። ሦስት ቀን ተቀምጬበታለሁ። በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ሳወራ የልጄ ሚስት በር ከፍታ አየችኝ። አሞሻል ወይ አለችኝ። ጻፍ።"

ጻፈ። ሳምራዊት የዋጋ ሰነዱን ላከች፤ ሃፍሳ ባንክ ሄዳ ቅድሚያውን አስተላለፈች። ሀቢብ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ ለዓመት ሳይሆን ለመንፈቅ እንዲያዋውላት ጠየቀችው። ባለቤቱን ደውሎ ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተከራከረላት፤ ሲመለስ "ባዶ ሕንፃ ውስጥ አንድ መብራት ይሻላል አልኩት" አላት። ወርሃዊ ኪራዩ ግን ጨመር ብሎ ነው።

የብርዱ ወራት አለፈ። ካባ ያለው ሰውዬ ሌላ ቦታ የተሠራ ብርድ ልብስ ገዛ፤ ፎቶውን ላከላት፤ እሳቱ አጠገብ ወንድማማቾቹ ተጠቅልለው ይታያሉ። ሃፍሳ "ማሻአላህ" ብላ መለሰችለት። በእነዚያ ወራት ሳምራዊት አልፎ አልፎ ትጽፍ ነበር፤ ድሩ ተዘረጋ፤ ማጉን የሚፈትሉት ሴቶች ለበዓል አገራቸው ሄደው ዘገዩ፤ አሁን ተመልሰዋል። ሃፍሳ እያንዳንዱን ትመልሳለች፤ መልሷ ሁልጊዜ ከመጣላት ይረዝማል። የሥራው ነገር ካበቃ በኋላ፣ ስለ ዝናቡ፣ ኬሚሴ ስላለው የሰኞ ገበያ፣ በባጥሐ ስለጠፋው የሽቶ ሻጭ ትጽፋለች። ሳምራዊት ለዚህኛው ክፍል አንዳንዴ በአንድ መስመር ትመልሳለች፣ አንዳንዴም አትመልስም። ሥራ ይበዛባታል ትላለች ሃፍሳ ለእዮብ፤ እሱ ሳይጠይቃት።

ጋቢው ከአዲስ አበባ የወጣው ረመዳን አልቆ፣ ዒድ ካለፈ በኋላ ነው። ቀሪው ግማሽ ተከፈለ፤ የጭነት ሰነዶቹም መጡ። ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ክቡር ጌታዬ፣ የሒሳብ መጠየቂያው፣ የካርቶኑ ዝርዝር፣ የአውሮፕላን ጭነቱ ሰነድና የአገር ምንጭ ማስረጃው ተያይዟል። ግርጌው ላይ ባንቴ የሚል ስም ተጽፏል።

"ሳምራዊትስ?" አለች ሃፍሳ።

እዮብ ጠየቀላት። መልሱ አጭር ነበር። ሳምራዊት ድርጅቱን ለቃለች፤ ለማንኛውም ጥያቄ እኔን ማነጋገር ይችላሉ።

"የት ሄደች ብለህ ጠይቅ።"

"አይነግሩንም፣ እትዬ። እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።"

"ኸላስ፣ በቃ" አለች።

የቀጠረችው የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰነዱን ይዞ ዕቃውን አወጣ፤ ሳበር በሚሉት የመንግሥት የጥራት ቁጥጥር ድረ ገጽ ላይ የሚመዘገበውንም እሱው አስመዘገበ። ሦስቱን ካርቶን እዮብ ደረጃውን አወጣላት። ከፈቱት። ጋቢው ጥሩ ነበር፤ ማጉ ያልተስተካከለ፣ በጣት ሲነካ የሚታወቅ፣ እንዳለችው። ከአንዱ ካርቶን ግርጌ ያሉት ሁለቱ እርጥበት አግኝቷቸው ስለነበር ኮሪደሩ ላይ፣ ዝግ ሱቆቹ በር ላይ አሰጧቸው። ዓባያ የሚሰቀልበትን ግድግዳ አጋማሽ አወረደችና መደርደሪያ አስገባች። ስልሳ ጋቢ ሲደረደር ሱቁ ጠበበ፤ ዱካዋን ወደ በሩ ማውጣት ግድ ሆነ።

ፈይሰል ደወለ። በዓረብኛ ነው የሚያወሩት።

"እናቴ፣ ዛሬ እዚያ ስንት ዲግሪ ነው?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"ማን ገዛ?"

"እስካሁን ማንም።"

 ከኋላው ልጆቹ የሚያዩት የካርቱን ድምፅ ይሰማል። "መንፈቁ ሲያልቅ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሌላ መንፈቅ እዋዋላለሁ፣ ኢንሻአላህ። ኅዳር ይመጣል።"

"ክፍሉ እንዳለ ነው" አላት፤ ለስለስ ብሎ።

"አውቃለሁ ልጄ። ሰው አስገባበት፣ ባዶ አይሁን።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ኮሪደሩ ላይ የተሰጡትን ሁለቱን ጋቢ አገላበጠቻቸው፤ ደርቀዋል። አንዱን ብቻዋን እንደምንም አጠፈችው፤ ሁለተኛውን በወጉ ለማጠፍ ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ትልቅ ነው፣ ጫፉ መሬት ይነካል። ሐሙስ ነበር። ሁለተኛውን እስከ ነገ እንዳለ ተወችው።